የድሮ ሴይኮ ሰዓት መቼ እንደተሠራ ከጀርባው ላይ ማንበብ

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ፣ ለሠርግ ተሰጥቶ በመሳቢያ የቀረ፣ ወይም አጎት ከዐረብ አገር ሲመለስ ያመጣው አውቶማቲክ ሴይኮ በብዙ ቤት ይገኛል። ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄም ያው ነው፤ ይህ ሰዓት ዕድሜው ስንት ነው? ሻጭ ከሆነ ገዢው ይጠይቀዋል፤ ገዢ ከሆነ ደግሞ «የሰባዎቹ ዕቃ ነው» ሲባል እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ይፈልጋል።

ሴይኮ ከሌሎች ብዙ ሰዓቶች የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው። የተሠራበትን ዓመትና ወር በጀርባ ክዳኑ ላይ፣ ከውጭ በኩል ጽፎታል። ሰዓቱን ሳይከፍቱ ማንበብ ይችላሉ። ችግሩ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ብቻ ስለሚጽፍ 8 የሚለው ቁጥር 1968ም፣ 1978ም፣ 1988ም ሊሆን መቻሉ ነው። ወሩን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልፋቱ የትኛው አሥር ዓመት እንደሆነ መወሰኑ ላይ ስለሆነ ይህ መመሪያም ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ፣ የኛ አቆጣጠር መሆኑ በ«ዓ.ም.» ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መሣሪያዎቹን ያዘጋጁ

ብዙ ነገር አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ካለዎት ይበቃል፤ ከሌለ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ይሠራል። ከዚያ ሌላ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የእንጨት ስቴኪኒ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስስ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል። ማሰሪያው እንደ አምባር የሚዘጋ ብረት ከሆነና ጀርባውን ጠፍጣፋ አድርጎ ለማስቀመጥ ከከለከለዎት አንዱን ጎን ያስፈቱት፤ እየታገሉ ማንበብ ቁጥር ያሳስታል።

በዚህ ደረጃ ክዳኑን ለመክፈት አይሞክሩ። የሚፈልጉት ጽሑፍ ከውጭ ነው። በወጥ ቤት ቢላዋ ጠርዙን መፈልቀቅ ወይም የሚጠመዘዘውን ክዳን በመቀስ ጫፍ ለማዞር መሞከር ጭረት ይተዋል፤ ጭረቱም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቁጥሮቹ ባሉበት ጠርዝ ላይ ነው።

2. ጀርባውን አጽድተው ያንብቡ

ለዓመታት የተለበሰ ሰዓት ጀርባ ላይ ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ይደርቃል። የተቀረጹት ፊደላት ውስጥ ሲገባ 6ን 8፣ 3ንም 8 አስመስሎ ያሳያል። ብሩሹን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ነክረው፣ በደንብ ካራገፉት በኋላ እርጥበቱ ብቻ ሲቀር በቀስታ ይጥረጉ። ሰዓቱን ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ጀርባው ላይ ውኃ እንደማያስገባ ቢጻፍም በክዳኑ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ብቻ ይቀራል፣ መከላከያው አይኖርም። የቀረውን ቆሻሻ በስቴኪኒ ያውጡ። መርፌ፣ የብረት ሽቦና የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ የጥርስ ሳሙና ብረቱን ይፍቃል፣ ያረጀውን ጽሑፍ ደግሞ ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ጽሑፉ ከመለበስ ብዛት የደበዘዘ ከሆነ ከላይ የሚወርድ ብርሃን አይረዳዎትም። ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከሰዓቱ ጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር በሚመሳሰል ከፍታ ያብሩ። ብርሃኑ ሲያጋድል ጥልቀት የቀረለት ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሰዓቱን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ከአራት ጎን ፎቶ ያንሡ፤ በአንዱ የማይታየው አኃዝ በሌላው ይታያል። ይህም ካልሆነ ስሱን ወረቀት ክዳኑ ላይ ለጥ አድርገው በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ይፈትጉ፤ ሕፃናት ሳንቲም የሚገለብጡበት መንገድ ነው። ቅርጹ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ክዳኑን ለማንበብ ብሎ ማስወልወል ነው። ወልዋይ ብረቱን ያሳምራል፣ ከላዩ ላይ ስስ ንጣፍ ግን ይወስዳል። ዕድሜ የሚያሳይ ቁጥር የጠፋበት የሚያብረቀርቅ ጀርባ ከደበዘዘው ያነሰ ዋጋ አለው።

3. ሁለቱን ቁጥሮች ይለዩ

ጀርባው ላይ «ስቴንለስ ስቲል»፣ «ጃፓን»፣ ስለ ውኃ የሚናገር ቃልና ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ያደባልቃቸዋል።

የመጀመሪያው በመካከሉ ሰረዝ ያለበት ሲሆን አራት አኃዝ ከሰረዙ በፊት፣ አራት ከሰረዙ በኋላ አለው። ለምሳሌ 7009-876A ወይም 6309-7040። ከሰረዙ በፊት ያሉት አራቱ በውስጡ ያለውን ማሽን ዓይነት ይናገራሉ፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት ደግሞ የአካሉን፣ ማለትም የቤቱን ቅርጽ መለያ ናቸው። በዚህኛው ክፍል እንደ A ያለ ፊደል ቢገባ አይደናገጡ። ይህ ቁጥር በሺዎች በሚቆጠሩ ተመሳሳይ ሰዓቶች ላይ ያው ነው፤ ስለ ዕድሜ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሰረዝ የሌለው ሴሪያል ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቦታ አለው። ሰባት ቦታ ካለው ወዲያውኑ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ሴይኮ የሰባት አኃዝ ሴሪያል የተጠቀመው በ1960ዎቹ ነው፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ አካባቢ ወደ ስድስት ወርዷል። ስለዚህ በ65 የሚጀምር የሰባት አኃዝ ሴሪያል ያለው ሰዓት በግንቦት 1966 የተሠራ ነው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም። ቁጥሩን ሲቈጥሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ጭረት እንደ 1 ሊቈጠር ይችላል።

ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ካመነቱበት አኃዝ ሥር መስመር ያስምሩ። በኋላ መልሱ ካልገጠመ መጀመሪያ የሚመለሱት ወደዚያ ነው።

4. የሴሪያሉን ሁለት የመጀመሪያ ምልክቶች ይፍቱ

የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው። ሁለተኛው ምልክት ወሩ ነው፤ ከ1 እስከ 9 ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ይቆጥራል። ለአሥረኛው፣ ለአሥራ አንደኛውና ለአሥራ ሁለተኛው ወር አንድ አኃዝ ስለማይበቃ ፊደል ይገባል፦ O ኦክቶበር፣ N ኖቬምበር፣ D ዲሴምበር ነው። O ዜሮ ሆኖ ስለሚነበብ ብዙ ሰው «ዜሮ ወር የለም፣ ይህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይደመድማል። ዜሮም ቢመስል ኦክቶበር ብለው ይውሰዱት። N እና Dም የሐሰት ምልክት አይደሉም።

የቀሩት አራት አኃዞች በዚያ ወር ውስጥ የተሰጠ ተራ ቁጥር ናቸው። ቀን አያመለክቱም፤ ለዕድሜ ምንም ስለማይጨምሩ ይዝለሏቸው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የተጻፈው ክዳኑ ያለበት የሰዓቱ ቤት የተሠራበት ወር ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በጥቂት ወራት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ተሽጦ እጅ ላይ የዋለበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ከጃፓን ተጭኖ፣ በጅምላ ነጋዴ እጅ አልፎ፣ መስኮት ውስጥ ተሰቅሎ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት መቆየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከዚህ ደረጃ የሚያገኙት «ከዚህ ወር በፊት አልነበረም» የሚል መልስ ነው።

5. አሥር ዓመቱን በማሽኑ ቁጥር ያጥብቡ

አሁን ወደ ሰረዙ ቁጥር ይመለሱ። እያንዳንዱ የማሽን ዓይነት የተሠራበት ዘመን አለው፤ ከዚያ ዘመን ውጭ የሚወድቅ ዓመት ሁሉ ይሰረዛል።

በእጃችን በብዛት የሚገኙትን ልጥቀስ። 6119 ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ አካባቢ የተሠራ ነው። 6309 ከ1976 እስከ 1988 ድረስ ነው። 7009 ከ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ዘልቋል፤ ብዙ ቤት ያለው ሴይኮ ፋይቭ ይህን ቁጥር ይይዛል። 7002 የሚለው የጠላቂዎች ሰዓት ከ1988 እስከ 1996 ነው። 7S26 በ1996 ጀምሮ ከ2010 በኋላም የተሠራ ነው።

እነዚህን ከሴሪያሉ ጋር ያጣምሯቸው። 6309 የሆነ ሰዓት ሴሪያሉ በ3 ቢጀምር 1983 ብቻ ነው፤ 1973 ላይ ይህ ማሽን አልነበረም፣ 1993 ላይም ቀርቷል። በ7 ቢጀምር ግን 1977ም 1987ም ይቻላል፤ ማሽኑ ከአሥር ዓመት በላይ ስለኖረ አንዳንድ አኃዞች ሁለቴ ይመጣሉ። 7009 ደግሞ ከዚያም ረጅም ስለሆነ አሻሚነቱ ይበልጣል። የማሽኑን ቁጥር ሳያዩ «በ7 ስለሚጀምር የ1977 ነው» የሚሉ ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም ያረጀው ዓመት ስለሚያስደስተው ወደዚያ ያዘነብላል።

7S26 ከሆነ ሦስት አማራጭ ሊመጣ ይችላል። በ8 የሚጀምር ሴሪያል 1998፣ 2008 ወይም 2018 ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳው በማሽኑ በራሱ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጻፈው ፊደል ነው። A የመጀመሪያው ትውልድ ሲሆን እስከ 2006 አካባቢ፣ B ከዚያ እስከ 2011 አካባቢ፣ C ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህን ለማየት ክዳኑ መከፈት ስለሚኖርበት ወደ ሰባተኛው ደረጃ ያቆዩት።

ጀርባው ላይ ያለው ቃልም ይረዳል። ሴይኮ በ1970 አካባቢ ከ«ዋተር ፕሩፍ» ወደ «ዋተር ሬዚስት» ተሸጋግሯል። ለውጡ በአንድ ቀን አልሆነም፤ በሽግግሩ ወራት ጀርባው አንዱን፣ ፊቱ ሌላውን የሚል ሰዓት አለ። ቢሆንም ለአንዳንድ ሰዓቶች ይህ ቃል ብቻ ክርክሩን ይጨርሳል። 6139 የተባለውን ባለ ሩጫ ቆጣሪ አውቶማቲክ እንውሰድ። ከ1969 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ስለተሠራ በ9 የሚጀምር ሴሪያል ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ 1969 ወይም 1979። ሴሪያሉ በ95 ጀምሮ ጀርባው «ዋተር ፕሩፍ» ካለ ግንቦት 1969 ነው፤ በ1979 ይህን ቃል የሚጽፍ አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ይህችን ቃል ፈልጎ ማየት ዋጋ አለው።

ስለ ዕድሜ ምንም የማይናገር፣ ግን ብዙ ሰው እንደ ማስረጃ የሚጠቅሰው ነገር የቀን ስም ነው። የሳምንቱ ቀን በዐረብኛ የሚታይበት ሰዓት ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተዘጋጀ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ከጂዳ ወይም ከኩዌት የመጣ ነው ሲባል ቢደግፈውም ስለ ዓመቱ አንዳች አይጨምርም።

6. የቤተሰብ ትዝታን በትክክለኛው አቆጣጠር ያወዳድሩ

ማሽኑ ሁለት ዓመት ካስቀረልዎ የሚለያቸው ብዙ ጊዜ የሰው ትዝታ ነው። ሰዓቱ መቼ እንደተገዛ፣ በየትኛው በዓል እንደተሰጠ፣ በየትኛው ፎቶ ላይ እንደሚታይ ይጠይቁ። የአሥር ዓመት ልዩነት ስለሆነ የሚፈልጉት ትዝታው በወር ትክክል መሆኑ አያስፈልግም።

ወሳኙ ነገር ግን ቤተሰብዎ የሚናገረው ዓመት በኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው በፈረንጆች ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው ጊዜ ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ይቀንሱ፤ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ይቀንሱ። ዘመን መለወጫው በሴፕቴምበር 12 የሚውልበት ዓመት ስላለ ለአንድ ቀን ልዩነት አይጨነቁ።

አንድ ሰዓት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሥራ። ጀርባው 7009-876A ይላል፤ ሴሪያሉ በ8N ይጀምራል። እናት ሲጠየቁ «አባትህ በሠርጋችን ጊዜ፣ በሚያዝያ 1982 ያሰረው ነው» ይላሉ።

8N ማለት ዓመቱ በ8 የሚጨርስ፣ ወሩ ኖቬምበር ነው። ማሽኑ 7009 ስለሆነ 1968 ወድቋል፣ 1998ም ሩቅ ነው። የቀሩት ኖቬምበር 1978 እና ኖቬምበር 1988 ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የእናትን 1982 እንደ ፈረንጅ ዓመት ቢወስደው እንዲህ ያስባል፦ ሰዓቱ በ1982 እጃቸው ላይ ነበር፣ 1988 ደግሞ ገና አልደረሰም፣ ስለዚህ 1978 ነው። አሳቡ ሲታይ እንከን የለውም፤ መነሻው ግን የተሳሳተ ስለሆነ አሥር ዓመት ያስረዝመዋል። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «የ1978» ተብሎ የሚወጣ ብዙ ሰዓት በዚህ መንገድ የመጣ ይመስለኛል።

በትክክል ሲቀየር ሚያዝያ 1982 ዓ.ም. ማለት ኤፕሪል 1990 አካባቢ ነው። ኖቬምበር 1988 ደግሞ በኛ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 1981 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ አለ፤ አንድ አዲስ ሰዓት ከፋብሪካ ወጥቶ እስከ ገዢው ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ኖቬምበር 1978፣ ማለትም ኅዳር 1971 ዓ.ም. ቢሆን ሰዓቱ ከሠርጉ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የት ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልስ ሊኖረው ይችላል፤ አባት ሁለተኛ እጅ ገዝተውት ወይም ከወንድማቸው ወስደውት ይሆናል። ስለዚህ እናትን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ሲገዛ አዲስ ነበር? ሣጥኑ ነበረው? አዲስ ነበር ካሉ 1988 ብለው ይጻፉ። ካላወቁ ሁለቱንም ዓመት ይያዙና 1988ን «ይበልጥ የሚመስለው» ይበሉ።

ፎቶ ካለ ትዝታን ያጸናል። ሰዓቱ የታየበት ፎቶ የሚነግረው ሰዓቱ ከዚያ ቀን በፊት መሠራቱን ብቻ ነው። በ1975 ዓ.ም. በተነሣ ፎቶ ላይ ያው ሰዓት በአባት እጅ ላይ ቢታይ 1988 ወዲያው ይወድቃል። ፎቶው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቀን ከማመንዎ በፊት ግን ያው የሠርጉ ሰዓት መሆኑን በፊቱ ቀለም፣ በሰዓት ምልክቶቹና በቤቱ ቅርጽ ያረጋግጡ፤ ሰው በዘመኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያስር ነበር።

7. ክዳኑ የሰዓቱ የራሱ መሆኑን ያረጋግጡ

እስካሁን የቈጠሩት ሁሉ የክዳኑን ዕድሜ ነው። ሰዓት ሠሪ ቤት የጠፋን ወይም የተበላሸን ክዳን ከሌላ ሰዓት በመጣ መተካት የተለመደ ስለሆነ ክዳኑ ከፊቱና ከማሽኑ ጋር መስማማቱ መታየት አለበት።

ፊቱን ያጉሉት። ከስድስት ቁጥር ግራና ቀኝ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ አጠገብ እጅግ ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ «ጃፓን» የሚል ቃል፣ ቀጥሎም እንደ ጀርባው ባለ ሰረዝ ቁጥር። ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት አኃዞች ከጀርባው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ይለያል፤ ጀርባው 6139-6002 የሆነ ሰዓት ፊቱ ላይ 6139-6009 ሊል ይችላል፣ ይህ ትክክል ነው። ፊት ለብቻው የራሱ ቁጥር ስላለው በዚህ ልዩነት ብቻ ሰዓቱን አይኰንኑ። ማስጠንቀቂያው ሌላ ነው፦ ጀርባው 7009 እያለ ፊቱ 6119 ካለ ከሁለቱ አንዱ እንግዳ ነው። ደቃቁ ጽሑፍ ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም «ሴይኮ» የሚለው ፊደል ወፍራምና ጠርዙ የተበላ ከሆነ ፊቱ እንደ ገና ተቀብቷል። የተቀባ ፊት የክዳኑን ቀን ሐሰት አያደርገውም፤ ግን ለማመሳከር አይጠቅምዎትም።

ከዚያ በላይ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ማሽኑን ማየት ነው። ይህን ለሰዓት ሠሪ ይተዉ። አንዳንዱ ክዳን ጠርዙ ላይ ሽንቁር ወይም ጥርስ ያለውና የሚጠመዘዝ ነው፤ ሌላው ተገፍቶ የሚገባ ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከኋላ ጨርሶ አይከፈቱም፣ ማሽኑ የሚወጣው በመስታወቱ በኩል ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መታገል ሰዓቱን ይጎዳል። ሰዓት ሠሪው ሲከፍት እርስዎ አጠገቡ ቁመው ሁለት ነገር ይመልከቱ፣ ፎቶም ያንሡ።

አንደኛ፣ ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከጀርባው አራት አኃዞች ጋር አንድ መሆኑን፣ ቀጥሎም ፊደል ካለ ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ። ብዙ ሰዓት ሠሪ ሲጠግን ፊርማውን ወይም ቀኑን በመርፌ ጫፍ ይጭራል። እንዲህ ያለ ቀን «በዚህ ጊዜ ሰዓቱ ነበረ» የሚል ጠንካራ ምስክር ነው። ጫሪው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ሊሆን እንደሚችል አይርሱ፤ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ጥንቃቄ እዚህም ይሠራል። የተጫረው ዓመት በፈረንጅ ሲነበብ ከሴሪያሉ ቀድሞ ከመጣ፣ ሰባት ወይም ስምንት ጨምረው እንደ ገና ይሞክሩት።

ከመዘጋቱ በፊት የጎማውን ቀለበት ያሳዩዎት። ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ አሁኑኑ ያስለውጡት፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ በደረቀ ጎማ የተዘጋ ሰዓት ግን እጅ ሲታጠቡ እንኳ ውኃ ያስገባል።

ይህ ሁሉ ለሴይኮ ነው። ሲቲዝን በቅርብ የሚመስል ዘዴ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ የሴሪያሉ የመጀመሪያ አኃዝ ዓመቱ ሲሆን ወሩ በሁለት አኃዝ፣ ከ01 እስከ 12 ይጻፋል፤ ስለዚህ የሴይኮን አነባበብ ለሲቲዝን ከተጠቀሙ ሁሉም ሰዓት ጃንዋሪ ወይም ኦክቶበር ይሆንብዎታል። ኦሜጋ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በድሮዎቹ ላይ ሴሪያሉ ማሽኑ ላይ ስለሚገኝ ሳይከፈት ዕድሜውን መገመት አይቻልም፤ ቁጥሩም ወር አይጽፍም፣ ከፋብሪካው የቁጥር ቅደም ተከተል ጋር መመሳከር አለበት።

8. ያገኙትን ከነማስረጃው ይጻፉ

ሰዓቱን ቢሸጡም ለልጅ ቢያወርሱም ዓመቱን ብቻ አይጻፉ፤ ከየት እንዳገኙትም ይጻፉ። ከላይ የሠራነው ሰዓት ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጀርባው 7009-876A፣ ሴሪያሉ በ8N ይጀምራል፤ ኖቬምበር 1988 (ኅዳር 1981 ዓ.ም.)። አዲስ ተገዝቶ በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. የታሰረ፣ እናት እንደሚያስታውሱት። የፊቱ ቁጥር በ7009 ይጀምራል፣ ይስማማል። ማሽኑ ተከፍቶ አልታየም።» ከማስታወሻው ጋር በሚያጋድል ብርሃን ያነሡትን የጀርባ ፎቶ ያስቀምጡ፤ ክዳኑ መለበሱን ስለሚቀጥል ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ምልክት N ይሁን ሌላ በዓይን ላይለይ ይችላል።